የደም ግፊት የሚጨምር የደም ግፊት ማስታወቂያ

አዳማ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ነርስ ነኝ። የክሊኒኩን የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ የማንቀሳቅሰውም እኔው ነኝ። ማንም አልሾመኝም። ስልኬ ጥሩ ፎቶ ስለሚያነሳ ብቻ ሥራው ወደ እኔ መጣ።

አምና ስለ ደም ግፊት አንድ ጽሑፍ ለጠፍን። ቆይተን አወረድነውና እንደገና ጻፍነው። ለምን እንዳወረድነውና በምን እንደተካነው ልንገራችሁ። ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ካላችሁ የኛን ስህተት አትደግሙም። ግፊት ያለበት ዘመድ ያላችሁም ከመሀሉ የሚጠቅማችሁ አይጠፋም።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ጀርባው ቀይ ነበር። ደረቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ የያዘ ፈረንጅ አለበት። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ዝምተኛው ገዳይ ቤትዎ ገብቶ ይሆናል! ደም ብዛት ያለ ምንም ምልክት በድንገት ይገድላል! አንጎልዎን ይመታል! ልብዎን ያደክማል! ኩላሊትዎን ያበላሻል፣ እግርዎ ያብጣል! ዓይንዎን ያጠፋል! መድኃኒቱ እድሜ ልክ ነው! ዛሬውኑ ካልተመረመሩ ነገ ይቆጭዎታል!»

ስምንት ቃለ አጋኖ አለው። ቆጥሬዋለሁ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

በሁለት ቀን ውስጥ ገጻችን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ያህል ሰው ተቀባበለው። ደስ አለን። ዶክተራችንም አይቶት «ጎሽ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ወደ ስልሳ ዓመት የሚጠጉ እናት ከባጃጅ ወርደው እየተጣደፉ ገቡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቷል። ስልካቸውን ወደ ፊቴ አስጠግተው «ልጄ፣ ይሄን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ?» አሉኝ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ልካላቸው ነው። ከሥሩ «እማዬ ዛሬውኑ ተመርመሪ» ብላ ጨምራበታለች።

ወዲያው አስቀምጬ ለካኋቸው። 168 በ98። ቁጥሩን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝና «አለቀልኝ በይኛ» አሉ።

ዶክተሩ ከውስጥ ሰምቶን ወጣ። «ሲስተር፣ እማማ ትንሽ ይረፉና ድገሚው» አለኝ። ያኔ ነው የሠራሁትን ማየት የጀመርኩት። እናትየው በሙቀቱ ተጣድፈው ገብተዋል። እያወሩ ነው የለካኋቸው። ጨርቁን የጠመጠምኩት በሹራባቸው እጅጌ ላይ ነው። እጃቸው ተንጠልጥሏል። እግራቸውን አጣምረዋል። ኋላ ስጠይቃቸው ጎረቤት ቤት ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተው፣ ከረከቦቱ ፊት ነው ተነስተው የመጡት። ሽንታቸውንም እንደያዙ ነበር። ከዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ብቻውን ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ማውራትና ሽንት መያዝ ብቻቸውን አሥር ነጥብ ያህል ሊጨምሩ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሴትዮዋ ፈርተዋል። ያስፈራኋቸው እኔ ነኝ። የደም ግፊት እንዲለኩ ብዬ ግፊታቸውን ጨመርኩት።

ሽንት ቤት ሄደው መጡ። ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፌ፣ ሁለቱንም እግራቸውን መሬት አስረግጬ፣ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ በልባቸው ትክክል አስቀምጬ ዝም አልን። አሥር ደቂቃ። ከዚያ በባዶ ክንዳቸው ላይ ለካሁ፤ 150 በ88። ደቂቃ አርፈን ደገምኩት፤ 146 በ86።

አሁንም ከፍ ያለ ነው። ግን 168 አይደለም። ደግሞ በአንድ ቀን ልኬት ማንም ሰው ግፊት አለበት አይባልም፤ ቁጥሩ በጣም ካልናረ በስተቀር በሌላ ቀን መደገም አለበት። ለሐሙስ ጠዋት ቀጠርናቸው፣ ቡና ሳይጠጡ። ሐሙስ 138 በ84፣ ቀጥሎ 136 በ82 መጣ። ዶክተሩ «እማማ፣ መድኃኒት የሚያስፈልግዎ ደረጃ ላይ አይደሉም። ድንበሩ አጠገብ ስለሆኑ ግን ጨው ይቀንሱ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግመን እንለካለን» አላቸው። እሳቸውም «ታዲያ ሁለት ሌሊት ያላስተኛችሁኝ ለምንድነው?» አሉት። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጽሑፉን አናወርደውም ነበር። ደግሞም መጥተው ተለኩ፣ ምን ጎደለ? ይባላል። ብለንም ነበር። ያስወረደን ሁለተኛው ሰው ነው።

ጂቡቲ መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወደ እኛ የመጣው የልጁን ጆሮ ሊያሳክም ነበር። ልጁን እያየን ዶክተሩ አባትየውንም ለካው፤ 172 በ104። ሲደገም 170 በ102። ሰውዬው አልደነገጠም። «አውቀዋለሁ» አለ። ከዓመት በፊት መንገድ ላይ ተለክቶ 160 በ100 ተብሏል። «ታዲያ ለምን አልታከምክም?» ስለው እንዲህ አለኝ፦ «ሲስተር፣ ያንን ቀዩን ጽሑፋችሁን አይቼዋለሁ። ገዳይ ነው፣ መድኃኒቱ እድሜ ልክ ነው ይላል። አይቼ ዘጋሁት። ካላወቁት ይሻላል አልኩ።»

ማስፈራሪያ ሰውን ሁለት ቦታ እንደሚከፍለው የገባኝ ያን ቀን ነው። ብዙ የማያሰጋው ሮጦ ይመጣል። የሚያሰጋው ስልኩን ይዘጋል።

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ ሲለካም 166 በ102 ሆነ። ዶክተሩ አምሎዲፒን አምስት ሚሊግራም በቀን አንዴ አዘዘለት። ከዚያ ጠፋ። ወር ካለፈ በኋላ ሲመጣ ግፊቱ 174 በ106 ነው። መድኃኒቱን በሦስተኛው ሳምንት አቋርጦታል። ለምን? ቁርጭምጭሚቱ አበጠበት። ሁለቱም እግሩ ነው፤ ማታ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ የካልሲው ክር ሰርጉዶ ይታየዋል። እሱም የኛን ጽሑፍ አስታወሰ። «ኩላሊትዎን ያበላሻል፣ እግርዎ ያብጣል።» መድኃኒቱ ኩላሊቴን ጨረሰው ብሎ ደመደመ።

አምሎዲፒን በሚወስዱ ሰዎች ላይ የቁርጭምጭሚት እብጠት የታወቀ ነገር ነው። መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ያላላል፤ ሥራውም እሱ ነው። ሲላሉ ትንሽ ፈሳሽ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ይብሳል። የኩላሊት ጉዳት አይደለም። ቢሆንም በግምት ማለፍ ስለማይገባ የሽንትና የደም ምርመራ ተሠራለት። ኩላሊቱ ደህና ነው። ዶክተሩ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ቀየረለት። ሰውዬው ሳምንታት ያለ መድኃኒት የከረመው ግን እኛ በጻፍናት በአንዲት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው። ዓረፍተ ነገሯ ሐሰት አይደለችም። የታመመ ኩላሊት እግር ያሳብጣል። ያለ ቦታዋ ነው የገባችው።

በዚያው ሳምንት ከሥራ በኋላ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ ዶክተሩ፣ እኔና ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ። ልጅቷን የጠራናት ስልክ የምታነሳው እሷ ስለሆነች ነው። ጽሑፉን ካየ በኋላ ሰው ምን ብሎ እንደሚደውል ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «በጣም የሚጠይቁኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለች። «‹ደም ብዛት ካለብኝ ደም ብለግስ ይቀንስልኛል ወይ?› ይሉኛል። አንድ ሰውዬ ደግሞ ዋግምት ታደርጋላችሁ ወይ አለኝ።»

ሳቅን። ሳስበው ግን ጥያቄው ትክክል ነው። ደም ብዛት ካልን ሰው ደሜ በዝቷል ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል? የበዛ ነገር ይቀነሳል። ኦሮምኛው «ዺባ ዺጋ» ነው፤ የደም ግፊት ማለት ነው። እዚህ ከተማ ግማሹ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ እየሰማ ያደገ ነው፤ በአማርኛው ጊዜ ግን ደም ብዛት ይላል። ቃሉን ከሰው አፍ ማውጣት አንችልም። ስለዚህ «ደም ብዛት የምንለው የደም ግፊት» ብለን ሁለቱንም አንድ ላይ ለመጻፍና ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ለማሳየት ተስማማን። ምሳሌውን ያመጣችው የካርዷ ልጅ ናት። ላቫጆ ቤት ባጃጅ የሚያጥበው ልጅ የውኃ ጎማውን አፍ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ውኃው ይፈነጠራል። ውኃው አልበዛም። ማለፊያው ጠበበና ግፊቱ ጨመረ። ዶክተሩ ነገሩ ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል ብሎ ጀመረና፣ ሁለታችንም ስናየው ተወው።

ከዚያ ወደ «ዝምተኛው ገዳይ» ሄድን። ይህቺን ቃል የማልወዳት ስለምታስፈራ ብቻ አይደለም። ምን እንደሚደረግ አትነግርህም። ገዳይ ቤቴ ገብቷል፣ እሺ፣ ከዚያስ? ውስጧ ያለው እውነት ግን መቅረት የለበትም፤ ግፊት ብዙ ጊዜ ስሜት የለውም። ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያምነው። «ራሴን አላመመኝም፣ ደህና ነኝ» ይላል። ማጅራቱን ሲይዘው «ደሜ ከፍ አለ» ይልና ከጎረቤት አንድ ኪኒን ተበድሮ ይውጣል። ስለዚህ እውነቷን ይዘን ዞር አደረግናት፦ «ብዙ ጊዜ አያምም። ስለዚህ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።» ያው እውነት ነው። መጨረሻዋ ግን ሞት ሳይሆን ወንበር ላይ መቀመጥ ሆነ።

«እድሜ ልክ» ላይ ብዙ ተከራከርን። እድሜ ልክ ስትሉ ለአማርኛ ጆሮ መጀመሪያ የሚመጣው እስር ነው። ዶክተሩ «እውነቱን ግን አንደብቅ፤ አብዛኛው ሰው መድኃኒቱን ለረጅም ዓመታት ይወስዳል፣ ሲያቋርጥ ግፊቱ ይመለሳል» አለ። ልክ ነው። ከደበቅነው ሰው ቁጥሩ ሲወርድለት «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ምክንያቱን አብረን ጻፍን፤ መድኃኒቱ ግፊቱን የሚይዘው እየተወሰደ ሳለ ነው፣ ቁጥሩ የወረደው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ምክንያት ያለው ነገር እንደ ፍርድ አይሰማም።

ግሦቹም አሉ። «ይገድላል፣ ይመታል፣ ያጠፋል።» በአማርኛ እንዲህ ሲጻፍ የማይቀር ነገር ይመስላል፤ ፀሐይ ትወጣለች እንደማለት ነው። መጀመሪያ ሁሉንም «ሊገድል ይችላል፣ ሊመታ ይችላል» አደረግኳቸው። ሳነበው የውል ሰነድ መሰለኝ። የጎደለው ጊዜው ነበር። ግፊት ሰውን የሚጎዳው ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ ነው። «ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ» የምትለዋን ስጨምር ሌላው ሁሉ በቦታው ተቀመጠ። አደጋውም አልተካደም። አንባቢውም ጊዜ እንዳለው አወቀ።

የመጀመሪያ ረቂቄ ግን ከልክ በላይ ለስልሶ ነበር። «አይጨነቁ፣ ግፊት ቀላል ነገር ነው» ብዬ ጀመርኩ። ዶክተሩ እስክሪብቶ አንስቶ ሰረዘው። «ቀላል ነው ካልሽው የአንድ ወገን እጁ የዛለበት ሰው ነገ ይሻለኛል ብሎ ቤቱ ይተኛል» አለ። እውነቱን ነው። ለዚህ ለዚህ መደንገጥ ይገባል። ስለዚህ ድንጋጤውን ከጽሑፉ ሁሉ ሰብስበን አንድ ቦታ ላይ አስቀመጥነው። ሌላው ረጋ ያለ ነው፤ እዚያች አንቀጽ ላይ ግን «አሁኑኑ» እንላለን። አሁኑኑ ስምንት ቦታ ሲጻፍ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ አይታወቅም።

አዲሱ ጽሑፍ ይኸው፦

«የደም ግፊትዎ ስንት እንደሆነ ያውቃሉ?

ደም ብዛት የምንለው የደም ግፊት፣ ደም በዛ ማለት አይደለም። ደሙ በደም ሥር ውስጥ ሲያልፍ የሚገፋበት ኃይል ጨመረ ማለት ነው፤ የውኃ ጎማን አፍ በጣት እንደመጫን። ስለዚህ ደም በመቀነስ አይታከምም።

ብዙ ጊዜ አያምም። ራስዎን ስላላመመዎት የለብዎትም፣ ራስዎን ስላመመዎት አለብዎት ማለት አይቻልም። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ከነዕረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሊለኩ ሲመጡ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ቡና፣ ሲጋራና ከባድ ሥራ ይቅርብዎ። እጅጌው በቀላሉ የሚወልቅ ልብስ ይልበሱ። ሽንትዎን ይሽኑ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ያርፉ። ስንለካ አናወራም፤ እኛም እርስዎም። ሁለት ጊዜ እንለካለን።

የላይኛው ቁጥር ልብ ስትገፋ፣ የታችኛው ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ በሌላ ቀን ይደገማል። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ከሆነ ከሐኪም ጋር ስለ ሕክምናው ይነጋገራሉ። ይህ ማለት ጉዳት ደርሶብዎታል ማለት አይደለም። ግፊት ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን የሚጎዳው ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ነው። የምንለካውም ያ እንዳይሆን ነው።

መድኃኒት ከታዘዘልዎ በየቀኑ ይውሰዱት። ቁጥሩ ቢወርድ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ሲያቋርጡት ይመለሳል። እግርዎ ቢያብጥ፣ ቢያዞርዎት ወይም ቢያስልዎት አያቋርጡ፤ ይምጡና ይቀየርልዎታል። የሌላ ሰው ኪኒን አይዋጡ። ጾም ላይ ከሆኑ ይንገሩን፤ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይህ ጽሑፍ አይበቃዎትም። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት።

አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬደው ይህ ነው፦ ድንገት አፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ ንግግር መኮላተፍ፣ ደረትን አጥብቆ መያዝ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ድንገት ዓይን መጋረድ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከመምታታት ጋር። ቁጥሩን ለማወቅ ብለው ወደ እኛ አይምጡ፤ ቁጥሩ ስንትም ይሁን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከነዚህ አንዱም ሳይኖር የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 120 ቢደርስ ወይም ቢያልፍ፣ አርፈው ይደግሙት። ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት። ቶሎ ይውረድ ብለው ኪኒን አይደራርቡ፤ ግፊት በድንገት ሲወርድም ይጎዳል።»

ጀርባውን ነጭ አደረግነው። ፈረንጁ ሄደ። በምትኩ የራሳችንን ወንበር ፎቶ አነሳሁ፤ ጠረጴዛው፣ መለኪያው፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ መሬት የረገጠ እግር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ምንም አይስብም» አለኝ። ልክ ነው። እንደ ቀዩም አልተሰራጨም። በግማሽ እንኳ አልደረሰም። ይህን የማልደብቃችሁ እናንተም ስትሞክሩት የሚገጥማችሁ ስለሆነ ነው። የገጹን ባለቤት ማሳመን የሚከብደውም እዚህ ጋ ነው። እኛ የረዳን ዶክተሩ ነው፤ ስንት ሰው አየው ከማለት ስንት ሰው በሁለተኛው ቀን ለመደገም ተመለሰ ብለን እንቁጠር አለ። የካርዷ ልጅ በደብተር መያዝ ጀመረች።

ስለ ጨው ለብቻው ጻፍን። አንድ ላይ ብናደርገው ይረዝማል። እዚያም ያው ስህተት ሊያመልጠን ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ «ጨው መርዝ ነው» ይላል። ጨውን ጨርሶ ተው ብትለው ሰው ሦስት ቀን አልጫ በልቶ በአራተኛው ይተወዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ከምግቡ ሁሉ ጋር ተደምሮ። የኛ ሰው ግን ጨው በማንኪያ አይቆጥርም። ስለዚህ የሚገባበትን ቦታ ጻፍን። ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ከሆነ ወጡ ላይ አይደገም። ሚጥሚጣውም እንዲሁ። ቡና በጨው የሚጠጣ ካለ ከዚያ ይጀምር። የካርድ ክፍሏ ልጅ «እናቴ ይሄን አንብባ ምን አለች መሰላችሁ? ‹ለካ ሦስት ጊዜ ነው የምጨምረው›» አለችን። ጨው መርዝ ነው ብለናት ቢሆን «ድሮም ሰው ይበላ ነበር» ነበር የምትለን።

የለኪውንም ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ቢስተካከልም እኔ በእጅጌ ላይ ከለካሁ ከንቱ ነው። አሁን መለኪያው አጠገብ አንዲት ወረቀት ለጥፌያለሁ። ለሌላ ሰው ሳይሆን ለራሴ ነው። ጨርቁም ሁለት ዓይነት ሆኗል። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ጨርቅ ሲጠመጠም ቁጥሩ ካለው በላይ ይመጣል። አንድ ጎረምሳ፣ ክንዱ እንደ ጭን የሆነ፣ በትንሹ 152 መጥቶ በትልቁ 134 ሆኗል። ትልቁን እስክንገዛ ድረስ ስንቱን አስፈራርተን እንደመለስን አላውቅም። ቤታችሁ መለኪያ ካላችሁ ጨርቁ ላይ የክንድ ዙሪያ ልክ በሴንቲሜትር ተጽፏል። የራሳችሁን ክንድ በሜትር ለኩና አስተያዩት።

ሾፌሩ አዲሱን መድኃኒት ይወስዳል። ባለፈው ሲመጣ 138 በ86 ነበር። መንገድ ላይ ሲሆን እንዳይረሳው ኪኒኑን ከጥርስ ብሩሹ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ነው የሚይዘው። ጥርሴን ሳልፋቅ ጋቢና አልገባም ብሎኛል። «ሲስተር፣ ያኛውን ቀዩን ግን በቴሌግራም አሁንም ይልኩልኛል» አለኝ። ከገጻችን ብናወርደውም ሰው ስልክ ውስጥ አለ። የኛ ስም ከሥሩ አለበት። የሚላክላችሁ ካላችሁ አዲሱን መልሳችሁ ላኩላቸው።

ትናንት ደግሞ አንድ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ ሊገባ አይገባ ያመነታል። «ወንድሜ፣ ምን ልርዳህ?» አልኩት። ሰዓቱን አየ። «ቡና ከጠጣሁ ገና ሃያ ደቂቃዬ ነው። ግማሽ ሰዓት ይላል ጽሑፋችሁ። ተመልሼ ልምጣ ወይስ ልጠብቅ?»

ወንበሩን አሳየሁት።